ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጅ ዕድሜዋ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?

«ሰላም ዶክተር። ጥቅምት 12 በ31 ሳምንቷ የተወለደች ሴት ልጅ አለችኝ። የመውለጃ ቀኔ ታኅሣሥ 15 ነበር። ስትወለድ 1,400 ግራም ነበረች። ሆስፒታል ሳለን ካለብኩት ወተት ጋር ዱቄት እየቀላቀሉ ይሰጧት ነበር፤ ስንወጣ ግን ጡት ብቻ አጥቢያት አሉኝ። በወጣን ጊዜ፣ ኅዳር 10፣ 1,750 ግራም ሆና ነበር። ለክትትል ስንመለስ ኅዳር 24 ላይ 2,130፣ ታኅሣሥ 22 ላይ 2,950 ግራም መዘነች። ጥር 20 የ14 ሳምንት ክትባቷን ልናስከትብ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ በሚንጠለጠለው ሚዛን 3,430 ግራም ሆነች። ነጥቡን ካርዱ ላይ ሲያደርጉት ከመጨረሻው መስመር በታች ወደቀ። ከባድ የክብደት ማነስ ነው፣ የጣሳ ወተት ጀምሪላት ተባልኩ። እህቴ ሆስፒታል ይቀላቅሉላት የነበረውን ዓይነት ዱቄት በትንንሽ ፓኬት ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። አማቴ ከክርስትናዋ ወዲህ ለሆዷ ይበጃል ብለው የአብሽ ውሃ በማንኪያ ይሰጧታል። ሌሊት ጥሩ ትተኛለች፤ ማታ 4 ሰዓት ጠብታ እስከ ንጋት 11 ሰዓት ድረስ አትነሳም። የአይረን ጠብታዋን ስንወጣ ባዘዙልኝ ልክ እስካሁን እየሰጠኋት ነው። ዱቄቱን ልጀምርላት? — እናት፣ ከጎንደር ማራኪ»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ዱቄቱን ገና አትክፈቺው፤ የጣሳ ወተቱንም አትጀምሪ። ካርዱ ላይ ያለው ነጥብ የተደረገው በማይሆን ዕድሜ ላይ ነው። ሆኖም እፎይ ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ የጻፍሽልኝን ክብደቶች ተራ በተራ ሳሰላቸው ካርዱ ያላሳየው ሌላ ነገር አግኝቼባቸዋለሁ። እሱ ግን በዚህ ሳምንት መታየት አለበት።

ከዕድሜው ልጀምር። ጤና ጣቢያ ያለው የዕድገት ካርድ የተሠራው ዘጠኝ ወራቸውን ጨርሰው በተወለዱ ሕፃናት ነው። የካርዱ የመጀመሪያ ቀን 40 ሳምንት የሞላው ልጅ የተወለደበት ቀን ነው ማለት ነው። ያንቺ ልጅ በተወለደች ቀን ካርዱ ላይ ገና ቦታ አልነበራትም፤ ወደ ካርዱ የገባችው ታኅሣሥ 15 ነው። ስለዚህ ለክብደት፣ ለቁመትና ለጭንቅላት ልኬት ዕድሜዋ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። በሳምንት ማስላት ከፈለግሽ ከ40 ላይ 31 ቀንሺ፣ 9 ይቀራል፤ ያንን 9 ሳምንት ከተወለደችበት ዕድሜ ላይ ትቀንሻለሽ። ጥር 20 ላይ ከተወለደች 14 ሳምንት ሆኗታል፤ 9 ሲነሳ 5 ሳምንት ነው። ከታኅሣሥ 15 እስከ ጥር 20 ብትቆጥሪም 35 ቀን፣ ያው 5 ሳምንት ይመጣል። ይህ የተስተካከለ ዕድሜ ይባላል፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በዚሁ ትቀጥላለሽ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ካርዱ ላይ መካከለኛው መስመር ዜሮ ነው፤ ከሱ በታች ያሉት ተቀናሽ 1፣ ተቀናሽ 2፣ ተቀናሽ 3 ይባላሉ። ለ3 ወር ሴት ልጅ መካከለኛው ክብደት 5.8 ኪሎ ሲሆን፣ የመጨረሻው የተቀናሽ 3 መስመር 4 ኪሎ ላይ ነው። 3,430 ግራም እዚያ ላይ ሲደረግ ከሁሉም መስመር በታች መውደቁ አይቀርም፤ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በ5 ሳምንት ላይ ግን መካከለኛው 4.3 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ተቀናሽ 2 ደግሞ 3.3 ኪሎ ገደማ። ልጅሽ ከተቀናሽ 2 በላይ ናት። ከባድ የክብደት ማነስ የሚለው ቃል አይመለከታትም።

ሁለት ነገር በዚህ ላይ ልጨምር። ክትባት በተስተካከለው ዕድሜ አይሄድም፤ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው፤ ስለዚህ በ14 ሳምንቷ ማስከተብሽ ልክ ነው። ብዙ እናቶች «ትንሽ ናት፣ ትቆይ» ተብለው ክትባት ያዘገያሉ፤ ትንሽ ስለሆነች ነው ይበልጥ የሚያስፈልጋት። ሌላው፣ ይህ ስሌት የሚሠራው 31 ሳምንቱ እርግጠኛ ከሆነ ነው። በእርግዝናሽ የመጀመሪያ ወራት አልትራሳውንድ ተነስተሽ ከሆነ ቀኑን ከዚያ ውሰጂ፤ የመጨረሻ ወር አበባን በግምት ከማስታወስ ይሻላል። የሁለት ሳምንት ስህተት ነጥቡን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሊያዘዋውር ይችላል።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ።

አንድ ነጥብ ብቻውን ልጅ እያደገች መሆን አለመሆኗን አይናገርም፤ የሚናገረው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ፍጥነት ነው። ልጅሽ ከኅዳር 10 እስከ ኅዳር 24 በ14 ቀን 380 ግራም ጨምራለች፤ በቀን 27 ግራም ማለት ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 22 በ28 ቀን 820 ግራም፣ በቀን 29 ግራም። ይህ በጣም ጥሩ ነው። 2 ኪሎ ካለፈች በኋላ የምንጠብቀው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። ከታኅሣሥ 22 እስከ ጥር 20 ግን 28 ቀን ውስጥ የጨመረችው 480 ግራም ነው፤ በቀን 17 ግራም ብቻ። በተስተካከለው ዕድሜ ካርዱ ላይ ሳደርገው ደግሞ በግልጽ ይታያል፤ ታኅሣሥ 22 ላይ፣ የ1 ሳምንት ልጅ ሳለች፣ ተቀናሽ 1 መስመር ላይ ነበረች፤ ጥር 20 ላይ ወደ ተቀናሽ 2 ተጠግታለች። ክብደቷ ጨምሯል፣ መስመሯን ግን ለቃለች።

የካርዱ ስህተት የጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ከባድ» ተብሎ የተጻፈው የሌለ ነገር ሲሆን፣ በእርግጥ ያለው መዘግየት ሳይታይ አለፈ። ነጥቡ የተሳሳተ መሆኑን ብቻ ነግሬሽ ብተውሽ ኖሮ ልጅቷ ሌላ ወር እንዲሁ ልትቆይ ትችል ነበር።

ሚዛኑን መጠርጠርም አለብን። የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች በሆስፒታሉ ሚዛን የተወሰዱ ናቸው፤ የመጨረሻው በሚንጠለጠለው ነው። ያ ሚዛን በአብዛኛው የሚነበበው በ100 ግራም ክፍፍል ነው፤ መርፌው በሁለት መስመር መካከል ሲቆም ዓይን ይገምታል፣ ልጅ ስትንፈራገጥ ደግሞ መርፌው ይወዛወዛል። 100 ግራም ብንሳሳት በ28 ቀን ሲካፈል በቀን 3 ወይም 4 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ጭማሪ በቀን ከ14 እስከ 21 ግራም መካከል ነው። በጥሩው ጎን ብንወስደው እንኳ ከምንጠብቀው ታችኛው ጠርዝ ላይ ናት። ልብሷን ሳታወልቂ መዝነዋት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ በጥር ብርድ የተደራረበ ሹራብና ዳይፐር ከ200 ግራም ሊበልጥ ይችላል።

ለምን ዘገየች? የመለስሽልኝ ራስሽ ነሽ። በዚያ 28 ቀን ውስጥ ገና ገባ፤ ጥር 2 ሰማንያ ቀኗ ሆኖ ክርስትናዋ ሆነ፤ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ጥምቀት ደግሞ ጎንደር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ቤቱ እንግዳ ሲሞላ አራስ ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ እናት ምድጃና መኝታ ቤት ትመላለሳለች፣ ሁለት ጡት የሚያልፋት ሳይታወቅ ነው። ያንን አላውቅም፣ የምገምተው ነው። በደብዳቤሽ ላይ በግልጽ ያለው የሌሊቱ እንቅልፍና የአብሽ ውሃው ነው።

በዚህ ክብደቷ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ150 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ወተት ያስፈልጋታል። በ3.43 ኪሎ ሲባዛ ከ515 እስከ 617 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በ8 ጊዜ ብትጠባ በአንዴ 70 ሚሊ አካባቢ ማለት ነው፤ አንድ ትንሽ የቡና ሲኒ ተሞልቶ እንደማለት። በማታ 4 ሰዓትና በንጋት 11 ሰዓት መካከል 7 ሰዓት አለ፤ ቢያንስ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ጡት ያልፋታል። ሁለት ቢያልፋት 140 ሚሊ ነው፤ ከቀኑ ወተት ሩብ ገደማ። ቀን ላይ የጎደለውን አካክሳ ትጠባለች እንዳንል የእንዲህ ዓይነት ልጆች ጉልበት ትንሽ ነው፤ ጡት ላይ 5 ደቂቃ ቆይታ ዓይኗ ቢከደን ጠግባ ሳይሆን ደክሟት ሊሆን ይችላል። ጊዜዋን ጠብቃ የተወለደች የ5 ሳምንት ልጅ ክብደቷ በደንብ እየጨመረ ሌሊት ብትተኛ አልቀሰቅሳትም። ያንቺን ግን አሁን ቀስቅሻት።

የአብሽ ውሃው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማንኪያው ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንድ ኩባያ ወተት የማይሞላ ሆድ ውስጥ ምግብ የሌለው ውሃ ሲገባ የወተቱን ቦታ ይወስዳል። ውሃው የተፈላበት፣ ማንኪያው የታጠበበት ሁኔታም አለ፤ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጅ ተቅማጥን አትችልም። አማትሽ ክፉ አላሰቡም፤ የኖሩበትን ነው ያደረጉት። «እማዬ፣ አብሹን ለኔ አፍሉልኝ፣ ወተቴ ለእሷ ይደርሳል፤ ሐኪሟ እስከ ስድስት ወር ከጡት በስተቀር ምንም እንዳይገባ ብላለች» በያቸው። አብሹን አንቺ ብትጠጪው አይከፋም፤ ወተት የሚያበዛው ግን በዋናነት ጡቱ ደጋግሞ ባዶ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ከ3 ሰዓት አታሳልፊ። ማታ 4 ሰዓት ካጠባሻት ሌሊት 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ተነሺ። ካልነቃች የላይ ልብሷን አውልቀሽ፣ ዳይፐሯን ቀይረሽ፣ ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ ሞክሪ። ስትጠባ ጆሮሽ መዋጧን ይስማ፤ መሳብ ብቻ እንጂ መዋጥ ከሌለ ጡቱን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ጫን እያልሽ ወተቱን ላኪላት። ካበቃች በኋላ የቀረውን ወተት አልበሽ በንጹሕ ሲኒ ስጫት፤ ሲኒውን ከንፈሯ ላይ አስነክተሽ ራሷ እንድትልሰው ተያት እንጂ አፏ ውስጥ አታፍስሺባት። ጡጦ አልመክርሽም፤ ለማጠብና ለማፍላት አስቸጋሪ ነው፣ ከጡትም ሊያስኮርፋት ይችላል።

ስታልቢ አንድ ነገር ሞክሪ። ወተት መፍሰስ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች በአንድ ኩባያ፣ የቀረውን በሌላ ኩባያ ያዢ። የኋለኛው ወፈር ያለና ነጣ ያለ ነው፤ ቅባቱ ስለሚበዛ ኃይሉም ይበዛል። ከጡት በኋላ በሲኒ የምትሰጫት እሱን ይሁን። ይህ ፋብሪካ ያልገባበት ማበልጸጊያ ነው። ወሰኑንም እወቂ፤ የሚጨምረው ቅባት እንጂ ፕሮቲንና ካልሲየም አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የዱቄቱ ጉዳይ የሚመጣው። ሆስፒታል የሚቀላቅሉት ዱቄት ፎርቲፋየር ይባላል፤ የጡት ወተት ማበልጸጊያ ነው እንጂ ራሱን የቻለ ወተት አይደለም። ውስጡ ፕሮቲን፣ ተጨማሪ ኃይል፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ጨውና ቫይታሚኖች አሉበት። ልጅሽ 1,400 ግራም ሳለች ያስፈለጋት በምክንያት ነው። በእናት ማህፀን የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሕፃን አጥንት የሚሠራበትን ካልሲየምና ፎስፈረስ፣ ሥጋ የሚሆነውን ፕሮቲን የሚሰበስብባቸው ናቸው፤ እሷ ያንን ጊዜ በአብዛኛው አላገኘችውም። ያን ያህል ትንሽ ልጅ በቀን ለኪሎ 3.5 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ትፈልጋለች። የጡት ወተት ደግሞ በ100 ሚሊ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ገደማ ነው ያለው። ለኪሎ 160 ሚሊ ብትጠጣ የምታገኘው ከ1.6 እስከ 2.4 ግራም ነው። ሆዷ ከዚያ በላይ ወተት አይችልም፤ ስለዚህ ወተቱን ማብዛት ሳይቻል ሲቀር ወተቱን ማበልጸግ ግድ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ይህ ማበልጸጊያ ለሁሉም ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ እንዲሰጥ አይመከርም፤ ከ32 ሳምንት በታች ለተወለዱ ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑት ሊታሰብ ይችላል ነው የሚለው።

ዛሬ ልጅሽ 3.4 ኪሎ ናት፤ ፈልጋ መጥባት ትችላለች፣ ሆዷም ይችላል። ችግሯ የወተቱ መቅጠን ሳይሆን የወተቱ ማነስ ነው። ወተት ለጎደላት ልጅ ዱቄት መጨመር መንስኤውን ይሸፍነዋል። ደግሞ ዱቄቱን ለመስጠት ማለብ አለብሽ፤ በሲኒ የሰጠሽው ያህል ከጡት ትቀንሳለች፣ ጡትሽም ይቀንሳል። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ አያያዙ ላይ ስህተት ሲፈጠር ለእንዲህ ያሉ ልጆች አደገኛ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። አይረንና ቫይታሚን ዲ ያለበት ዓይነት ከሆነ መጠኑ ከምትሰጫት ጠብታ ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት። አንድ ፓኬት ስንት ሚሊ ወተት ላይ እንደሚጨመርም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ 25 ሚሊ ላይ የሚጨመረውን 15 ሚሊ ላይ ብትጨምሪው ለአንጀቷ የሚከብድ ጨዋማ ወተት ይሆናል፤ ሆዷ ይነፋል፣ ታስመልሳለች።

ለጣሳ ወተቱም ያው ነው። አንዳንድ ቦታ ፎርቲፋየር ሲጠፋ ሐኪሞች የተለካ የጣሳ ወተት ዱቄት በታለበ የጡት ወተት ላይ ያስጨምራሉ፤ ያ በሐኪም ተሰልቶ፣ በክብደትና በላቦራቶሪ እየታየ ነው። በቤት ውስጥ በማንኪያ ግምት የሚደረግ ነገር አይደለም።

አንድ ቀን ሐኪምሽ ይጨመርላት ብላ ካዘዘች ግን ሥርዓቱን ያዢ። እጅሽን ታጥበሽ በተፈላ ሲኒ ውስጥ መጀመሪያ ወተቱን በመርፌ ሲሪንጅ ለኪ፤ ከዚያ ዱቄቱን ጨምሪ፤ ቀስ ብለሽ አማስይው። በዚያው ሰዓት ስጫት፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው አታስቀምጪ። ማሞቅ ካስፈለገ ኩባያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው እንጂ እሳት ላይ አታድርጊው።

የአይረን ጠብታው ነገር እንዳያመልጥሽ፤ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ምናልባት ከሁሉም ቶሎ የሚስተካከል ነው። አይረን የሚታዘዘው በክብደት ነው፤ በቀን ለኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም። ስትወጡ 1.75 ኪሎ ነበረች። በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ታዞላት ከነበረ 3.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ዛሬ በዚያው ልክ ከሰጠሻት በኪሎ የሚደርሳት 1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ክብደቷ እጥፍ ሲሆን መድኃኒቷ ባለበት ቆሟል። እነዚህ ልጆች ከእናታቸው የሚወስዱት የአይረን ክምችት ትንሽ ስለሆነ በዚህ ዕድሜ ደማቸው ይቀንሳል፤ ደሟ የቀነሰ ልጅ ጡት ላይ ይደክማታል፣ ቶሎ ትተኛለች፣ ክብደት አትጨምርም። መዳፏንና የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን የውስጥ ቀለም ተመልከቺ፤ ከነጣብሽ ለሐኪሟ ንገሪ። መጠኑን ግን ራስሽ አትጨምሪ፤ የጠብታዎቹ ጥንካሬ እንደየፋብሪካው ይለያያል፣ የአይረን ብዛትም ይመርዛል። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂና በአዲሱ ክብደት ያስሉልሽ። የቫይታሚን ዲ ጠብታ እየሰጠሻት እንደሆነም አብረሽ ጠይቂ፤ በቀን 400 ዩኒት ያስፈልጋታል፤ ፀሐይ ብቻ አይተካውም።

ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጥር ላይ ጎንደር ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ታውቂያለሽ። የቀዘቀዘች ልጅ የጠጣችውን ወተት ለማደግ ሳይሆን ለመሞቅ ታቃጥለዋለች። ሆዷን በእጅሽ ዳስሺ፤ ሆዷ ሞቆ እግሯ ከቀዘቀዘ ካልሲና ኮፍያ ጨምሪ፣ አጠገብሽ አስተኛት። ሆዷም ከቀዘቀዘ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገሻት ሁለታችሁንም ሸፍኚ። የሙቀት መለኪያ ካለሽ በብብቷ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

ሚዛኑን እንዲህ አድርጊው። ዛሬ ወይም ነገ ክትትል ወደምታደርጊበት ሆስፒታል ሂጂና በዲጂታሉ ሚዛን ራቁቷን፣ ያለ ዳይፐር፣ ከመጥባቷ በፊት አስመዝኛት፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልለሽ መዝነሽ፣ ጨርቁን ብቻውን መዝነሽ ቀንሺ። ለሐኪሟ የተስተካከለውን ዕድሜ ንገሪና በቀድሞው ነጥብ ምትክ አዲሱን እንድታደርግልሽ ጠይቂ፤ ያለፉትንም በታኅሣሥ 15 ቆጠራ ታድርጋቸው። የጭንቅላቷንም ዙሪያ ያስለኩልሽ። ክብደት ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ አይደለም፤ እሱም ከቆመ ግን ነገሩ ረዘም ያለ ነው። በተቃራኒው ጭንቅላት በሳምንት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ እየሰፋ ከሄደ ለብቻው የሚመረመርበት ምክንያት አለ።

ከዚያ በ7ኛው ቀን በዚያው ሚዛን መልሰሽ አስመዝኛት። ከዚያ በፊት በየቀኑ አትመዝኛት፤ ያጠባሻትና የተጸዳዳችው ብቻ ቁጥሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይወስደዋል። 175 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረች፣ በቀን 25 ግራም ነው፤ ሌሊቱንና የኋላ ወተቱን ቀጥዪ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ። ከ140 እስከ 175 ከሆነ ቀጥዪና በሌላ 7 ቀን አስመዝኚ። ከ140 በታች ከሆነ ወተቱ በደንብ እየገባም ስላልበቃት ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ የልብ ድምፅ ማዳመጥ፣ የአጥንት ማዕድን ምርመራ። እህትሽ የላከችውን ፓኬት ያኔ ሳትከፍቺ ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሟ ዓይነቱን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ለስንት ሚሊ እንደሚጨመር አንብባ፣ ካስፈለገ በቀን ለስንት ጡት እንደሆነ ትጽፍልሻለች።

7 ቀን የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ጡት እምቢ ካለች ወይም ለሁለት ተከታታይ ጡት ካልነቃች፣ አረንጓዴ ካስመለሰች፣ ሆዷ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ፣ ትንፋሽዋ በደቂቃ ከ60 ካለፈ ወይም ትንፋሿ እየተቋረጠ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ብታሞቂያትም ሙቀቷ ከ36.5 ካልወጣ ወይም 37.5 ካለፈ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰጃት።